የተበላሸ ፍሪጅ ሸጦ ገንዘብ አልመልስም ያለ ሱቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ዕቃ ገዝቶ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው። ዕቃው ጉድለት ሲገኝበት ግን ያ መንገድ ራሱ መከራከሪያ ይሆናል፤ ሻጩ «ከሱቄ ሲወጣ ደኅና ነበር» ይላል፣ ገዥው ደግሞ ምን ብሎ እንደሚመልስ ይጠፋዋል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአንድ ምሳሌ ዙሪያ የተጻፉ ናቸው። ምሳሌው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። አንዲት የኮምቦልቻ ነዋሪ ጥር 5 ቀን ደሴ ከሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ መደብር አዲስ ፍሪጅ በ48,000 ብር ገዛች። ገንዘቡን በባንክ ወደ ባለ ሱቁ ሒሳብ አስተላለፈች፤ የተሰጣት ደረሰኝ ግን 30,000 ብር የሚል ነበር። ፍሪጁ በአይሱዙ ተጭኖ ቤቷ ገባ። ከአራት ቀን በኋላ ኮምፕሬሰሩ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ እየሠራ ከበረዶ ቤቱ አንዱ ጥግ በቀር ምንም እንደማያቀዘቅዝ ተረዳች። ደውላ ስትናገር ባለ ሱቁ «አብሽሪ፣ ይስተካከላል» አላት፤ ገንዘቧን ስትጠይቅ ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል መልስ አገኘች።

ሕጉ በእርግጥ ገንዘቤ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጠኛል?

አዎ፣ ይሰጥዎታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች፣ ዕቃውን በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ሻጩ ዕቃውን እንዲለውጥለት ወይም ዋጋውን እንዲመልስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ መብት በውል ከተሰጠ ዋስትና ወይም ለሸማቹ የበለጠ ከሚጠቅም ሌላ ሕግ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ እንጂ እነርሱን የሚተካ አይደለም። ስለዚህ ፍሪጁ የአንድ ዓመት የዋስትና ወረቀት ያለው መሆኑ በ15 ቀኑ ውስጥ ልዋጭ ወይም ገንዘብ ከመጠየቅ አያግድም፤ የ15 ቀኑ ማለፍም የዋስትናውን ወረቀት አይሽረውም።

አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ብሎ የሚገዛን ሰው ነው። መልሶ ለመሸጥ ወይም ለማምረቻ የገዛ ሰው በዚህ አዋጅ ሸማች አይባልም፤ እርሱ ጥያቄውን የሚያነሣው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በተጻፉት ድንጋጌዎች ይሆናል። ያም ሕግ ቢሆን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የጸዳ መሆኑን የማረጋገጥ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል።

«ጉድለት» የሚባለው ምን ዓይነት ነገር ነው?

ፍትሐ ብሔር ሕጉ መለኪያውን ግልጽ አድርጎ አስቀምጦታል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ የሚያስፈልገው ባሕርይ ከሌለው፣ በውሉ በግልጽ ወይም በውስጠ ታዋቂ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የማይሆን ከሆነ፣ ወይም ሻጩ አለው ብሎ የተናገረለት ጥራት ከጎደለው ጉድለት አለበት ይባላል። የማያቀዘቅዝ ፍሪጅ ከመጀመሪያው መለኪያ ይወድቃል። «ሁለት መቶ ሊትር ነው» ተብሎ የተሸጠና በሚገባ የሚያቀዘቅዝ፣ ነገር ግን መጠኑ ከዚያ ያነሰ ፍሪጅ ደግሞ ከሦስተኛው ይወድቃል።

ቀለሙን ስላልወደዱት፣ ከቤትዎ ጥግ ጋር ስላልገጠመ ወይም ሌላ ሱቅ በርካሽ ስላዩት ዕቃው ጉደለ አይባልም። በሚገዙበት ጊዜ የሚያውቁትን ጉድለትም በኋላ መከራከሪያ ሊያደርጉት አይችሉም፤ «በሩ የተጫረ ስለሆነ 3,000 ብር ቀንሼልሻለሁ» ተብለው ከገዙ በጭረቱ ምክንያት ገንዘብ ማስመለስ አይቻልም። ያው ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ካቆመ ግን ስለ ጭረቱ የተደረገው ቅናሽ ለዚህኛው ጉድለት መልስ አይሆንም።

ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተለጥፏል። አይተው ነው የገዙት ቢሉኝስ?

ይህ ማስታወቂያ የብዙ ሰው አንደበት ይዘጋል፤ መዝጋት ግን አልነበረበትም። ደኅና ዕቃ ገዝቶ ሐሳቡን ለቀየረ ሰው ጽሑፉ ይሠራል። ለተበላሸ ዕቃ ግን መብቱ የመጣው ከአዋጅ ነው፤ ነጋዴ በግድግዳው ላይ በለጠፈው ወይም በደረሰኙ ግርጌ በማኅተም ባሳረፈው ዐረፍተ ነገር አዋጅን ሊሽር አይችልም። ፍትሐ ብሔር ሕጉም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ደብቆ ከሆነ፣ ገዥው ከዋስትና ነፃ ያደረገው ቃል ቢኖር እንኳ ዋጋ እንደማይኖረው ይናገራል።

15 ቀኑ የሚቆጠረው እንዴት ነው?

መነሻው የተገዛበት ቀን ነው፤ ጉድለቱ የታወቀበት ወይም ዕቃው ከካርቶኑ የወጣበት ቀን አይደለም። በምሳሌያችን ገዥዋ ጥር 5 ቀን ስለገዛች የአንድ ቀን ልዩነት ክርክር እንዳይነሣባት የገዛችበትን ዕለት እንደ መጀመሪያ ቀን ቆጥራ እስከ ጥር 19 ጥያቄዋን ማቅረብ ይኖርባታል። ለሠርግ ወይም ለቤት ምርቃት ተብሎ የተገዛ ዕቃ ሳይከፈት ወር የሚቀመጥበት ልማድ በዚህ ምክንያት ገዥውን ይጎዳል።

በ15 ቀኑ ውስጥ መሆን ያለበት የእርስዎ ጥያቄ ነው፤ የሻጩ መልስ ወይም የነገሩ መቋጫ አይደለም። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው በቀላሉ ይሸነፋል። በተግባር የማየው እንዲህ ነው፦ ገዥው በአራተኛው ቀን ይደውላል፤ ሻጩ «ባለሙያ እልካለሁ» ይላል፤ ባለሙያው በዘጠነኛው ቀን መጥቶ ጋዝ ሞልቶ ይሄዳል፤ ፍሪጁ ሁለት ቀን አቀዝቅዞ ያቆማል፤ እንደገና «ጁምዓ አልፎ እንነጋገር» ይባላል፤ በመጨረሻ «ሦስት ሳምንት ተጠቅመሽበታል እኮ» የሚል መልስ ይመጣል። በወሎ ደግሞ ነገር በሽማግሌ ማለቁ የተለመደና የተወደደ ነው። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ነገር ግን ቀኑን አያቆመውምና ሽማግሌ ከመላክዎ አስቀድሞ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ።

ጥያቄውን በጽሑፍ የማቀርበው እንዴት ነው?

አንድ ገጽ ይበቃል። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዥው ጉድለቱ ምን እንደሆነ ገልጾ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃልና «ዕቃው አልሆነኝም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የምሳሌያችን ገዥ እንዲህ ብላ ልትጽፍ ትችላለች፦

«ጥር 5 ቀን ከሱቅዎ በ48,000 ብር የገዛሁት፣ የመለያ ቁጥሩ ከዚህ በታች የተጻፈው ፍሪጅ፣ ከጥር 9 ቀን ጀምሮ ኮምፕሬሰሩ ሳያቋርጥ እየሠራ የበረዶ ቤቱ አንድ ጥግ ብቻ ከመቀዝቀዙ በቀር ሌላው ክፍል የማያቀዘቅዝ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የከፈልሁት ዋጋ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ፍሪጁን ካለበት ቤት ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።»

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለሱቁ ይሰጥ፣ በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያኑርበት። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ባለበት ሰጥተው ይህንኑ በቅጂዎ ላይ ይጻፉና ምስክሮቹን ያስፈርሙ፤ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት። የደብዳቤውን ፎቶግራፍ ለባለ ሱቁ በቴሌግራም መላክም ይጠቅማል፤ ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀራልና። በስልክ ብቻ የተባለ ነገር ግን ባለ ሱቁ «አልተነገረኝም» ካለ ለማስረዳት ይከብዳል።

ልዋጭ፣ ገንዘብ ወይስ ጥገና? መራጩ ማን ነው?

አዋጁ ለሸማቹ የሰጠው ጥያቄ ልዋጭ ወይም የዋጋ መመለስ ነው። ጥገና ሻጩ ሊያቀርብ የሚችለው፣ እርስዎም ከወደዱ ሊቀበሉት የሚችሉት አማራጭ ነው እንጂ የመጀመሪያ ግዴታዎ አይደለም። በእኔ አመለካከት የላላ የበር ላስቲክን ወይም የተቃጠለ አምፖልን ማስጠገን ለሁለቱም ወገን ይሻላል። ጋዝ ለሚያፈስ አዲስ ፍሪጅ ግን ጥገናን ቶሎ አለመቀበል ይመረጣል፤ ፍሳሹ ሳይገኝ የተሞላ ጋዝ ጉድለቱን ለጥቂት ቀናት ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። ጥገናን ከተቀበሉ «ይህ ጥገና ልዋጭ ወይም ገንዘብ ለመጠየቅ ያለኝን መብት አያስቀርም» የሚል አንድ መስመር ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ሻጩ «መብራት አቃጥሎት ነው» ወይም «መንገድ ላይ ተጎድቶ ነው» ቢለኝስ?

የክርክሩ ዋና ቦታ እዚህ ነው። ሻጭ የሚጠየቀው ዕቃው በእጅዎ ሲገባ ለነበረበት ጉድለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ተደብቆ የነበረና በኋላ የታየ ቢሆንም ይጠየቅበታል። ካስረከበዎ በኋላ በኃይል መዋዠቅ፣ በጭነት ወይም በአያያዝ ለመጣ ብልሽት ግን አይጠየቅም። ስለዚህ ጥያቄው «ፍሪጁ ተበላሽቷል ወይ» ከሚለው ይልቅ «ብልሽቱ ከየት መጣ» የሚለው ይሆናል፤ ፍሪጁም ራሱ ብዙ ጊዜ መልሱን ይናገራል።

የኃይል መዋዠቅ በአብዛኛው የሚጎዳው የኤሌክትሪክ ክፍሉን ነው። ኮምፕሬሰሩ ጨርሶ አይነሣም፣ ወይም ለመነሣት እየሞከረ «ጠቅ» እያለ ይጠፋል፣ ወይም መቆጣጠሪያ ቦርዱ ይቃጠላል። በምሳሌያችን ግን ኮምፕሬሰሩ ይሠራል፤ እንዲያውም አያርፍም፣ የፍሪጁ ጎንም ሲነካ እምብዛም አይሞቅም፣ በረዶ የሚይዘው አንድ ጥግ ብቻ ነው። ይህ ጋዝ ያነሰበት ፍሪጅ ምልክት ነው። ጋዝ የሚያንሰው ደግሞ ከጅምሩ ባለመሞላቱ ወይም አንድ ቦታ ስለሚያፈስ ነው። በቧንቧው መጋጠሚያ ብየዳ ላይ የዘይት ቅባት ከታየ ፍሳሹ ከዚያ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ ብየዳ ደግሞ የፋብሪካ ሥራ ነው። ቧንቧው ተጨፍልቆ ወይም የፍሪጁ ጀርባ ተሰርጉዶ ከተገኘ ግን የሻጩ የ«መንገድ ላይ» ክርክር ሚዛን ያነሣል።

ጭነቱንም አስቡበት። ፍሪጅ በጎኑ ተኝቶ ከተጓዘ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ይገባል፤ ከቆመ በኋላም ለሰዓታት ሳያርፍ መብራት ላይ ከተሰካ ሊጎዳ ይችላል። ገዥዋ ፍሪጁን ቀጥ አድርጋ አስራ ካመጣች፣ የአይሱዙው ሾፌርና የጫኑት ሰዎች ምስክሮቿ ናቸው። ሱቁ ራሱ በራሱ መኪና እስከ ቤት አድርሶ ካስረከበ ደግሞ የመንገዱን ነገር እንደ ሰበብ ማንሣት ይከብደዋል። ሲጫንና ሲወርድ የተነሣ ፎቶግራፍ ብዙ ቃላት ያስቀራል።

በዚህ መካከል የሰፈር ባለሙያ የታሸገውን ቧንቧ እንዳይከፍት፣ ጋዝም እንዳይሞላ ያድርጉ። ከከፈተው ሻጩ «የነካካው ሰው ነው ያበላሸው» የሚል አዲስ መከራከሪያ ያገኛል። ባለሙያው ሳይከፍት አይቶ ያየውን በጽሑፍ ይስጥዎ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ፍርድ ቤቱ ገለልተኛ ባለሙያ መርምሮ ሪፖርት እንዲያቀርብ እንዲያዝ መጠየቅ ይቻላል።

ሱቅ ውስጥ አስፈትሼው «ይሠራል» ብዬ ወስጃለሁ። መብቴ ቀረ?

አልቀረም። ፍሪጅ በሱቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ ተሰክቶ የሚያሳየው የኮምፕሬሰሩን መነሣትና የመብራቱን መብራት ብቻ ነው፤ በሚገባ ማቀዝቀዙ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው። በዚያ ፍተሻ ሊታይ የማይችል ጉድለት እንደ ድብቅ ጉድለት ይቆጠራል። በዐይን የሚታየውን፣ ማለትም ስብራቱን፣ ጭረቱንና የጎደለውን መደርደሪያ ግን እዚያው ሳሉ ካላነሡ በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል።

ደረሰኙ ከከፈልሁት ያነሰ ዋጋ ነው የሚለው፤ ወይም ጨርሶ ደረሰኝ የለኝም። ምን ላድርግ?

ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው፤ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሻለሁ» የሚለው አነጋገርም የመንግሥትን ግብር ብቻ ሳይሆን የገዥዋንም መተማመኛ የሚነጥቅ ነው። ያም ሆኖ ደረሰኝ አለመኖሩ መብቱን አያጠፋውም። እንደ ፍሪጅ ያለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ የጽሑፍ ውል ስለማይጠይቅ በምስክርና በሌላ ማስረጃ ሊረጋገጥ ይችላል። የባንክ ወይም የቴሌብር ማስተላለፊያ፣ የዋስትና ወረቀት ላይ ያለ የሱቅ ማኅተም፣ ከባለ ሱቁ ጋር የተለዋወጡት መልእክት፣ አብሮ የነበረ ሰው፣ ሁሉም ያገለግላል።

በምሳሌያችን ደረሰኙ 30,000 ብር ይላል፤ የባንኩ ማስተላለፊያ ደግሞ 48,000 ብር። ሻጩ «የምመልሰው ደረሰኙ ላይ ያለውን ነው» ማለቱ አይቀርም። ገዥዋ የባንኩን ወረቀት ማኅተም አስመትታ ብታቀርብ፣ ባለ ሱቁ ቀሪው 18,000 ብር ስለ ምን እንደ ተከፈለው ማስረዳት ይኖርበታል፤ ሲያስረዳም ከግብር መሥሪያ ቤት ጋር የሚያነጋግረውን ነገር እየተናገረ ነው። ልዩነቱ በጥሬ ገንዘብ ተከፍሎ ቢሆን ግን ከምስክር በቀር የሚይዛት ነገር አይኖርም። በዚህ ምክንያት ለትልቅ ዕቃ በእጅ ገንዘብ ባይከፈል ይመረጣል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፦ የመመዝገቢያ መሣሪያ ደረሰኝ ጽሑፍ በሙቀትና በብርሃን ይደበዝዛል፤ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃት ቦታ ደግሞ ቶሎ ባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል። በገዙበት ዕለት ፎቶ ኮፒ ያስደርጉት።

«እኔ ቸርቻሪ ነኝ፤ አዲስ አበባ ያለውን አስመጪ ጠይቂ» ቢሉኝ መሄድ አለብኝ?

የለብዎትም። ገንዘቡን የተቀበለዎ ሻጭ ነው የሚጠየቀው። አዋጁ እንዲያውም ዕቃውን በማምረት፣ በማስመጣት፣ በጅምላ ወይም በችርቻሮ በማቅረብ የተሳተፉትን ሁሉ ለደረሰው ጉዳት በአንድነትም ሆነ በተናጠል መጠየቅ እንደሚቻል ይናገራል። ቸርቻሪው ለእርስዎ ከመለሰ በኋላ ከአስመጪው ጋር የሚያወራርደው የራሱ ጉዳይ ነው።

ሱቁ ጨርሶ እምቢ ካለ ወዴት ልሂድ?

ሱቁ ደሴ ስለሆነ ኮምቦልቻ ነዋሪ ብትሆንም ገዥዋ አቤቱታዋን የምታቀርበው ለደሴ ከተማ ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ነው፤ ሱቁን የሚቆጣጠረው እርሱ ነውና። አቤቱታው ላይ የሱቁ ስምና አድራሻ፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩ (ደረሰኙ ላይ አለ)፣ የግዥው ቀንና ዋጋ፣ ጉድለቱ፣ የጽሑፍ ጥያቄው የቀረበበት ቀንና የተጠየቀው መፍትሔ ይገለጽ፤ የማስረጃዎቹ ኮፒ ይያያዝ። ዋናውን ደረሰኝ ለማንም አይስጡ፤ አሳይተው ይመልሱት። አቤቱታዎ የተመዘገበበትን ቁጥርና ቀን ይዘው ይውጡ። መምሪያው ነጋዴውን ጠርቶ ሲያነጋግር ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ንግድ ፈቃዱ የሚታደሰው በዚያው መሥሪያ ቤት ነውና።

በዚያ ካላለቀ ገንዘቡን በግዴታ የሚያስከፍለው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ተከሳሹ በሚሠራበት ወይም ውሉ በተደረገበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ስለሚከሰስ በዚህ ምሳሌ ክሱ ደሴ ላይ ይቀርባል። ከዋጋው 48,000 ብር ሌላ የጭነቱን ወጪ፣ በፍሪጁ ውስጥ የተበላሸውን ሥጋና ሌላ ጉዳት፣ እንዲሁም የዳኝነቱን ወጪ መጠየቅ ይቻላል። ለእያንዳንዱ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የጭነት ደረሰኝ ሳይያዝ «2,500 ብር ከፍያለሁ» ማለት ብቻውን ሩቅ አይወስድም።

15 ቀኑ አልፎብኛል። ሁሉ ነገር አበቃ?

አላበቃም፤ መንገዱ ግን ይጠብባል። የዋስትና ወረቀት ካለዎ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ይጠይቁ። ከሌለዎም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ድብቅ ጉድለቱን እንዳወቁ ሳይዘገዩ ለሻጩ ማስታወቅና ማስታወቂያውን ከሰጡበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ ይቻላል። ልዩነቱ ዕቃው በቤትዎ በቆየ ቁጥር ጉድለቱ ከመጀመሪያው የነበረ መሆኑን ማስረዳት እየከበደ መሄዱ ነው። በዚህ ጊዜ የባለሙያው የጽሑፍ አስተያየት ከደረሰኙ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ተስማምተናል፤ ሱቁ ይመልስልኛል። ፍሪጁን አሁኑኑ ልላክለት?

ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ ሳይገባ ወይም የተፈረመ ወረቀት በእጅዎ ሳይኖር አይላኩት። ፍሪጁ ዋና ማስረጃዎ ነው፤ ከእጅዎ ከወጣ በኋላ ጋዙ ተሞልቶ «ይኸው ይሠራል» ሊባል ይችላል። ሁለታችሁም ስትተማመኑ በአንድ ወረቀት ላይ የፍሪጁ መለያ ቁጥር፣ የሚመለሰው ገንዘብ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀንና ወደ ደሴ የሚመልሰውን ጭነት የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ በሁለት ምስክር ፊትም ይፈረም። ሽማግሌዎቹ ያሉት በዚያው ከሆነ ምስክሮቹ እነርሱ ቢሆኑ ይበቃል።